ግሱ የተናገረውን መድገም፦ የአማርኛ ጽሑፍ ሲያጥር ምን ይውጣ፣ ምን ይቅር?

ጥያቄ፦ «ጎንደር ውስጥ ለጎብኚዎች የሚታደል በራሪ ወረቀት አዘጋጃለሁ። ስለ ዐፄ ፋሲል መዋኛ የጻፍሁት 83 ቃል ሆነ፤ የተፈቀደልኝ 45 ነው። አለቃዬ "እና፣ ነው፣ ነበር የሚሉትን እያወጣህ ጣል" አሉኝ። በሌላ ገጽ ላይ ሞክሬው ዓረፍተ ነገሩ ተሰባበረብኝ። የትኞቹን ቃላት ባወጣ ትርጉሙ አይጎዳም? ጽሑፉ ይኸውና፦

ጥንታዊ በሆነችው በጎንደር ከተማ ውስጥ ከሚገኙት ታሪካዊ የሆኑ ቅርሶች መካከል አንዱ የዐፄ ፋሲል መዋኛ በመባል የሚታወቀው ስፍራ ሲሆን፣ ይህ ስፍራ በየዓመቱ ጥር 11 ቀን የጥምቀት በዓል የሚከበርበት ስፍራ ነው። በዓሉ ከመድረሱ በፊት ገንዳው በውኃ እንዲሞላ የሚደረግ ሲሆን፣ ውኃውም ከቀሃ ወንዝ በቦይ አማካኝነት እንዲመጣ ይደረጋል። ታቦታቱ በዋዜማው ዕለት ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ወጥተው ወደዚህ ስፍራ ከመጡ በኋላ እነርሱ በዚሁ ስፍራ ላይ ያድራሉ። በነጋታውም ካህናቱ ጸሎት ካደረሱ በኋላ ውኃውን የመባረክ ሥነ ሥርዓት ያካሂዳሉ፤ ከዚያም በኋላ ምእመናኑ እነርሱ ራሳቸው ወደ ውኃው ውስጥ ዘለው በመግባት የመጠመቅ ሥነ ሥርዓት ያደርጋሉ።»

ምላሽ፦ የአለቃዎ ምክር ያነጣጠረው ጥፋት በሌለባቸው ቃላት ላይ ነው። ጽሑፍዎን ይቁጠሩት፤ «እና» አንድም የለበትም፣ «ነበር» የለበትም፣ «ነው» ያለው አንድ ጊዜ ነው። ምክሩን እስከ መጨረሻው ቢከተሉ የሚተርፍልዎ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ማሰሪያ አንቀጽ ነው። «ነው»ን ማውጣት የሚቻለው በርዕስና በሥዕል መግለጫ ላይ ነው። በተራ ጽሑፍ ውስጥ ሲወጣ አንባቢው ማሰሪያውን እየጠበቀ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ይሻገራል፤ ያኛው ገጽ የተሰባበረብዎም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

«ነበር» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። «ነገሥታቱ በዚህ ግንብ ይኖሩ ነበር» ከሚለው «ነበር»ን ቢያወጡ የሚቀረው «ይኖሩ» ብቻውን መቆም አይችልም። «ይኖራሉ» ብለው ቢጠግኑት ነገሥታቱ ዛሬም ግንቡ ውስጥ አሉ ማለት ይሆናል። «ነበር» የሚወጣበት ቦታ ሌላ ነው። ዛሬም በቆመ ሕንፃ ላይ «ከድንጋይና ከኖራ ተሠርቶ ነበር» ሲባል አንባቢው «ታዲያ ምን ደረሰበት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሠርቶ ያፈረሰው ያለ ያስመስላል። እዚያ «ተሠራ» ወይም «ተሠርቷል» ይበቃል፤ ከማጠሩም በላይ ይበልጥ እውነት ነው።

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚረዝመው ጸሐፊው ግሱ የተናገረውን በሌላ ቃል ደግሞ ሲናገረው ነው። «አልነገርኋቸውም» የሚለውን አንዱን ቃል ብቻ ይመልከቱ። ዳር ዳር ያሉት «አል» እና «ም» አሉታውን ይዘዋል፤ «ነገር» ድርጊቱን፤ «ኋ» ባለቤቱ እኔ መሆኔን፤ «ቸው» ደግሞ ያልተነገራቸው እነርሱ ወይም እሳቸው መሆናቸውን ይናገራል። «እኔ ለእነርሱ አልነገርኋቸውም» ሲባል የሚወራው ስለ እነርሱ መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ ከፊት የተጨመሩት ሁለት ቃላት አዲስ ነገር አላመጡም፤ ያመጡት ማጽናት ብቻ ነው። ማጽናቱ ከተፈለገ ይቆዩ፤ ለምሳሌ «እኔ አልነገርኋቸውም፣ አንተ ነህ የነገርሃቸው» በሚለው ውስጥ «እኔ»ን መንካት አይቻልም። ካልተፈለገ ግን ትርፍ ናቸው። ስለዚህ ሲያሳጥሩ ከፊት ወደ ኋላ አይሂዱ። መጀመሪያ ግሱ ላይ ይድረሱ፣ ምን ምን እንደያዘ ይዩ፣ ከዚያ ወደ ግራ እየተመለሱ እያንዳንዱን ቃል «ይህን ግሱ ብሎታል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

በእርስዎ ጽሑፍ ትልቁን ቦታ የበላው ድርጊቱ ከግሱ ወጥቶ ስም ውስጥ መግባቱ ነው። «የመባረክ ሥነ ሥርዓት ያካሂዳሉ» አራት ቃል ነው፤ «ይባርካሉ» አንድ። «የመጠመቅ ሥነ ሥርዓት ያደርጋሉ» እንዲሁ «ይጠመቃሉ» ነው። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ብቻ ስድስት ቃል ተረፈ፣ ትርጉም ግን አልጎደለም፤ «ያካሂዳሉ» እና «ያደርጋሉ» ከባለቤቱና ከጊዜው በቀር የያዙት ነገር አልነበረምና። በቢሮ ቋንቋ «ውይይት አደረጉ»፣ «ጥናት አካሄዱ»፣ «ጥገና ተከናወነለት» እየተባለ የለመድነው ሁሉ «ተወያዩ»፣ «አጠኑ»፣ «ተጠገነ» ብሎ ያልቃል። «እንዲሞላ የሚደረግ ሲሆን» እና «እንዲመጣ ይደረጋል» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው፤ «ይሞላል»፣ «ይመጣል» ይበቃቸዋል። የቀሃ ውኃ በቦዩ የሚወርደው ሰው ለቆት መሆኑን መናገር ካስፈለገ ደግሞ የለቀቀውን ሰው በግልጽ ይጻፉት እንጂ «ይደረጋል» ውስጥ አይደብቁት።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ስምና ግስ አብረው የቆሙበት ሁሉ ትርፍ አይደለም። «ጸሎት አደረሰ»፣ «ንስሐ ገባ»፣ «ቅኔ ተቀኘ» ሙያው የራሱ አድርጎ የያዛቸው አነጋገሮች ናቸው። «ካህናቱ ጸሎት አድርሰው» የሚለውን «ጸልየው» ብለው ቢያጥፉት ስሕተት ባይሆንም፣ የካህናቱን የጋራ ሥርዓት ማንም ሰው ለብቻው ከሚጸልየው ጸሎት ጋር አንድ ያደርገዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ሥራውን የሚሠራው ሰው ራሱ በቃሉ እንዴት ይለዋል? ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጃፍ ላይ ቄሱን ቢጠይቋቸው «ጸሎት አደረስን» ይሏችኋል፤ «የመባረክ ሥነ ሥርዓት አካሄድን» ግን አይሏችሁም። የመጀመሪያው ይቅር፣ ሁለተኛው ይውጣ።

ሁለተኛው የቦታ ምንጭ «በኋላ» ነው። «ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ወጥተው ወደዚህ ስፍራ ከመጡ በኋላ እነርሱ በዚሁ ስፍራ ላይ ያድራሉ» ውስጥ ቦዝ አንቀጹ «ወጥተው» አስቀድሞ ሥራውን ሠርቷል። ቦዝ አንቀጽ መጀመሪያ የሆነውን ያስቀድማል፣ ባለቤቱንም በመድረሻው ይይዛል፤ «ው» እነርሱን ነው። ስለዚህ «ከመጡ በኋላ» የሚለው ቅደም ተከተሉን፣ «እነርሱ» የሚለው ባለቤቱን ይደግማል። ታቦታቱ ከወጡና እዚያው ካደሩ መምጣታቸው የታወቀ ነው። «በመግባት» ያሉትንም «ገብተው» ቢሉት ይሻላል። የቃሉ ቁጥር ያው ነው፣ ግን «በመግባት» ማን እንደገባ አይናገርም፤ «ገብተው» ስለሚናገር ከፊቱ ያለውን «እነርሱ ራሳቸው» ለማውጣት ያስችላል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ በቦዝ አንቀጽ መደርደር ግን አይገባም። «ወጥተው፣ ተጉዘው፣ ደርሰው፣ ገብተው፣ አርፈው ያድራሉ» ሲባል አንባቢው ትንፋሹን ይዞ ማሰሪያውን ይጠብቃል። ከሦስት በላይ ሲደረደሩ ዓረፍተ ነገሩን መቁረጥ ይሻላል፤ አንድ ቃል ቢጨምር እንኳ።

ቦዝ አንቀጽ የሚያሳስትበት ዋናው ቦታ ግን ባለቤቱ ሲለወጥ ነው። «ካህናቱ ውኃውን ከባረኩ በኋላ ምእመናኑ ይጠመቃሉ» የሚለውን «ካህናቱ ውኃውን ባርከው ምእመናኑ ይጠመቃሉ» ብለው ቢያሳጥሩት፣ አንባቢው «ባርከው» ላይ ሲደርስ ካህናቱ ቀጥለው ምን እንዳደረጉ ይጠብቃል፤ «ምእመናኑ» ድንገት ይመጣበታል። በንግግር ድምፅ ያስተካክለዋል፣ በወረቀት ላይ ግን የሚያስተካክለው የለም። ባለቤቱ ሲለወጥ ወይ «በኋላ» ባለበት ይቆይ፣ ወይ የካህናቱ ድርጊት በራሱ ማሰሪያ ይዘጋ፦ «ካህናቱ ውኃውን ይባርካሉ፤ ምእመናኑም ይጠመቃሉ»። በዚህኛው «ከዚያም በኋላ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አንዲት «ም» ተክታቸዋለች።

ሦስተኛው በጣም ቀላሉ ነው። «የሆነ» ከቅጽል በኋላ ሲመጣ ያለ ስጋት ይወጣል፦ «ጥንታዊ የሆነች ከተማ» «ጥንታዊ ከተማ» ናት፣ «ታሪካዊ የሆኑ ቅርሶች»ም «ታሪካዊ ቅርሶች»። ከስም በኋላ ሲሆን ግን ይለያል፤ «መምህር የሆነው ወንድሜ» የሚለውን «መምህር ወንድሜ» ማለት አይቻልም። «ስፍራ» አምስት ጊዜ ገብቷል። «የሚከበርበት» ሲሉ «በት» ቦታውን ይዞታል፤ «ስፍራ» የሚለው ተከትሎት ባይመጣም ማንም አይጠፋበትም። «በቦይ አማካኝነት» ውስጥ «በ» አለች፣ «አማካኝነት» ምንም አልጨመረላትም። «ከየአብያተ ክርስቲያናቱ» ደግሞ ብዛትን ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፤ «የ» እያንዳንዱን እያዳረሰች ስለሆነ «ከየቤተ ክርስቲያኑ» ነው ትክክሉ። ይህ ቃል ባያስቀንስም ጽሑፉን ያቀልለዋል።

አሁን አደገኛ ወደሆነው ልምጣ፤ ብዙ ሰው ጽሑፉን የሚያበላሸው እዚህ ነውና። የግሱ መድረሻና መነሻ ብዙ ነገር ይይዛሉ ብያለሁ፣ ግን ሁሉን አይይዙም። የማይይዙባቸውን ቦታዎች ካላወቁ ትርፍ መስሎዎት የሚያወጡት ቃል ዓረፍተ ነገሩ የቆመበት ምሰሶ ሊሆን ይችላል። በራሪ ወረቀት ደግሞ ጎብኚውን «እርስዎ» እያለ ስለሚያናግር ይበልጥ ለዚህ የተጋለጠ ነው። «ሲወጡ» የሚለው ቃል ለእርስዎም፣ ለእሳቸውም፣ ለእነርሱም አንድ ነው። እንበልና «ካህናቱ ታቦቱን ይዘው ሲወጡ መንገድ ይልቀቁ» ብለው ጽፈዋል። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ቃል ለመቀነስ ብለው፣ ታቦት የሚይዙት ካህናት መሆናቸው የታወቀ ነው በሚል «ካህናቱ»ን ቢያወጡ «ታቦቱን ይዘው ሲወጡ መንገድ ይልቀቁ» ይቀራል። አሁን ታቦቱን የያዘው አንባቢው ራሱ ሆነ! ሰዋስዉ አልተጣሰም፣ ጎንደሬ አንባቢም በልማዱ አስተካክሎ ያነበዋል። ከሩቅ የመጣው፣ ሥርዓቱን የማያውቀው እንግዳ ግን ግራ ይጋባል፤ ወረቀቱ የተዘጋጀው ደግሞ ለእሱ ነው። «እርስዎ» ባለበት ጽሑፍ ውስጥ የሦስተኛ ሰው ባለቤት አይውጣ።

በ«አንተ» ሲጻፍም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። «ስትደርስ» አንተንም እሷንም ይሆናል፤ «ብትመጣ»፣ «እንድትገባ»፣ «የምትፈልገው» ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ማሰሪያው «ትደርሳለህ» እና «ትደርሳለች» ብሎ ይለያቸዋል፣ ጥገኛው ግስ ግን አይለይም። ስለዚህ «እሷ ስትደርስ ደውልልኝ» ከሚለው «እሷ» አትወጣም። በኃላፊ ጊዜ ግን ይህ ስጋት የለም። «መጣህ» እና «መጣች» ሲባል መድረሻው ራሱ ይለያቸዋል፤ «እኔ መጣሁ» ብሎ መጻፍ ለማጽናት ካልሆነ ትርፍ ነው።

ፊደላችንም የሚደብቀው ነገር አለ፤ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ኮሚቴው ለበዓሉ የእንጨት መቀመጫ ይገነባል» ውስጥ «ገ» ላልቶ ይነበባል፣ ገንቢው ኮሚቴው ነው። «ኮሚቴው»ን ሲያወጡት «ለበዓሉ የእንጨት መቀመጫ ይገነባል» ይሆናል፤ አንባቢው «ገ»ን ያጠብቀዋል፣ መቀመጫው በማን እንደሚገነባ ሳይታወቅ የሚገነባ ይሆናል። ፊደሉ አንዲት ቅንጣት አልተለወጠም፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ሌላ ሆነ። ይህን ስሕተት ለማግኘት ማንበብ አይበቃም፣ ሙሉ ስለሚመስል ዓይን ያልፈዋል። ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ከማሳጠሩ በፊት ያላሉትን ፊደል አሁን ካጠበቁት የወጣው ቃል ይመለስ። «ይበላል»፣ «ይመታል»፣ «ይሰማል» የዚሁ ዓይነት ናቸው። በዚሁ ምክንያት የተሳቢዋን «ን» በፍጹም አይንኩ፤ ቃል አትቀንስም፣ ግን ብዙ ጊዜ ገቢርና ተገብሮን የምትለየው እሷ ብቻ ናት።

«ይነገራል» እና «እንደሚባለው» የሚሉትንም እንደ ማሸጊያ ቃል አይቁጠሯቸው። «በጎንደር 44 አብያተ ክርስቲያናት እንደነበሩ ይነገራል» የሚለው «በጎንደር 44 አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ» ሲሆን ሁለት ቃል ወደ አንድ ወረደ፤ ግን የአርባ አራቱ ታቦት ትውፊት በእርስዎ ፊርማ ተቆጥሮ የተረጋገጠ ቁጥር ሆነ። የሚያጥረው ቃል እንጂ የእርግጠኝነቱ ልክ መሆን የለበትም። የጎንደር የትርጓሜ መምህራን «አንድም» በምትል በአንዲት ቃል «ሌላም መንገድ አለው» ማለትን ያወቁበት በዚህ ምክንያት ነው፤ አጭር ናት፣ ግን በመጀመሪያው ትርጉም ላይ በሩን አልዘጋችም።

ጽሑፍዎ በዚህ መንገድ ሲታረም መጀመሪያ 36 ቃል ይሆናል፦

«የዐፄ ፋሲል መዋኛ በየዓመቱ ጥር 11 ጥምቀት የሚከበርበት የጎንደር ቅርስ ነው። ከበዓሉ በፊት ገንዳው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። ታቦታቱ በዋዜማው ከየቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው እዚህ ያድራሉ። በነጋታው ካህናቱ ጸልየው ውኃውን ይባርካሉ፤ ምእመናኑም ዘለው ገብተው ይጠመቃሉ።»

ይህን ሆን ብዬ ከሚገባው በላይ አሳጥሬዋለሁ፤ አሁን ሁለት ነገር እንመልስለት። «ጸልየው» ከላይ ባልሁት ምክንያት «ጸሎት አድርሰው» ይሁን። «እዚህ» ደግሞ መዋኛው በር ላይ ለሚቆም ሰሌዳ ይበቃ ነበር፤ በራሪ ወረቀቱን ግን አንድ ሰው ፒያሳ ቡና እየጠጣ ወይም አልጋው ላይ ሆኖ ሊያነበው ስለሚችል «እዚህ» የት እንደሆነ አያውቅም። «በመዋኛው ግቢ» ይባል። አሁን 38 ሆነ፣ ሰባት ቃል ይቀርዎታል። ያንን ቦታ «ጥንታዊ» እና «ታሪካዊ» በሚሉ ቃላት አይሙሉት፤ ቅርስ መሆኑ ተነግሯል። በጥር ያልመጣ ጎብኚ ውኃ ሳያገኝ እንዳይደነግጥ የሚጠቅመውን አንድ እውነት ይጻፉለት፦

«የዐፄ ፋሲል መዋኛ በየዓመቱ ጥር 11 ጥምቀት የሚከበርበት የጎንደር ቅርስ ነው። ከበዓሉ በፊት ገንዳው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። ታቦታቱ በዋዜማው ከየቤተ ክርስቲያኑ ወጥተው በመዋኛው ግቢ ያድራሉ። በነጋታው ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ውኃውን ይባርካሉ፤ ምእመናኑም ዘለው ገብተው ይጠመቃሉ። ከበዓሉ ውጭ ገንዳው ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው።»

ይህ ልክ 45 ቃል ነው፤ ከመጀመሪያው ጽሑፍዎ የጠፋ መረጃ የለም፣ እንዲያውም አንድ ተጨምሯል። ለቀሩት ገጾች የምመክርዎ ቅደም ተከተል ይኸው ነው፦ መጀመሪያ በስም ውስጥ የተደበቀውን ድርጊት ወደ ግሱ ይመልሱ፤ ቀጥሎ ባለቤቱ አንድ በሆነበት «ከ… በኋላ»ን በቦዝ አንቀጽ ይተኩ፤ ከዚያ «የሆነ»፣ «የሚገኝ»፣ «ስፍራ»፣ «አማካኝነት» የሚሉትን ያውጡ፤ ተውላጠ ስሞችን መጨረሻ ላይ፣ አንድ በአንድ፣ ጮክ ብለው እያነበቡ። እዚህ ከደረሱ በኋላም ጽሑፉ አሁንም ከተፈቀደው በላይ ከሆነ ከቃላቱ ጋር መታገልዎን ያቁሙና አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያውጡ። ለአለቃዎም ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያሳዩአቸው፤ «ነው» በአዲሱ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዳለ፣ ጽሑፉ ግን በግማሽ ሊጠጋ እንዳጠረ ራሳቸው ይቁጠሩት።